የሰባተኛው ገንዳ ውሃ

ባለፈው ወር ከጨው ማምረቻው ሥራዬን ለቀቅሁ። ያስለቀቀኝ ዓይኔ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በቀትር ፀሐይ ነጭ ጨው ሲያይ የኖረ ዓይን በመጨረሻ የመለኪያውን ቁጥር ከጭረቱ መለየት አቃተው። ዲሬክተሩ እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ፤ የሁለት ወር ደመወዝና አንድ የምስክር ወረቀት ሰጠኝ፤ ወረቀቱ ላይ የአባቴ ስም ተበላሽቶ ተጽፏል። ጎረቤቶቼ «እንግዲህ ዐረፍክ» ይሉኛል። የት ዐርፌ! ሥራ የፈታ ሰው የሚያስበው ይበዛል፤ እኔ ደግሞ ዞሬ ዞሬ የማስበው አንድ ሰው ነው፤ ደስታ የሚባል የሥራ ባልደረባዬ። ቀንቼበት ኖሬያለሁ፤ አሁንም እቀናበታለሁ። ሌላውን ከመጻፌ በፊት ይህን ማመን ይሻለኛል።

ጅቡቲ የወረድኩት በባቡሩ ነው። የሐረር ልጅ ነኝ። መጀመሪያ ሐዲድ ጥገና ላይ ድንጋይ ስሸከም ቆየሁ፤ ከዚያ ወደብ ላይ ጥቂት ወራት ጆንያ አወረድኩ። በኋላ ከከተማው በስተደቡብ፣ ከአምቡሊ ወንዝ ወዲህ ባለው ሜዳ ላይ ጨው ሊመረት ነው፣ ቁጥር የሚያነብ ሰው ይፈለጋል ሲባል ሰማሁ። እኔ ካህን አጎቴ ዘንድ ፊደል ቆጥሬአለሁ፤ የፈረንጅ ቁጥር ደግሞ ሐዲድ ላይ ለምጄዋለሁ። ሄድኩና ተቀጠርኩ።

ጨው እንዴት እንደሚሠራ የማያውቅ ሰው ባሕር ዳር ውሃ አስጥቶ መጠበቅ ይመስለዋል። ነገሩ ረጅም ነው። የባሕሩ ውሃ በትልቁ በር ይገባና ሰፊ ገንዳ ላይ ይተኛል። ፀሐይና ነፋስ ይጠጡታል። ሲወፍር ወደ ሁለተኛው ገንዳ ይለቀቃል፤ ከዚያ ወደ ሦስተኛው፤ እንዲህ እያለ ወራት ይፈጃል። ውፍረቱን የምናውቀው ፈረንጆቹ ፔዝሰል በሚሉት፣ እኛ መለኪያ በምንለው መሣሪያ ነው። ታቹ ከብዶ ላዩ የቀጠነ፣ አንገቱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት የመስታወት ዘንግ ነው። ውሃው ሲወፍር መለኪያው ከፍ ብሎ ይንሳፈፋል። ከባሕር የመጣ ውሃ ሦስት ተኩል ያሳያል። አሥራ ሦስት ገደማ ሲደርስ ኖራ የሚመስል ነገር ታች ይዘቅጣል፤ እሱ ጨው አይደለም፤ እዚያው ይቀራል። ሃያ አምስት ሲሞላ ውሃው ወደ መጨረሻዎቹ ገንዳዎች ይገባል፤ ጨው የሚረጋው እነዚያ ውስጥ ነው። ሃያ ዘጠኝ ከደረሰ ግን የተረፈው ውሃ መራራ ነው፤ ቶሎ ወደ ባሕር ካልተመለሰ ጨውን ያመርረዋል።

የመጨረሻዎቹ ገንዳዎች በራቸው ሁለት ቦታ ይከፈታል። ከላይ አንድ በአንድ የሚነሡ ጠባብ ሳንቃዎች አሉ። ከታች ደግሞ በእጀታ የሚሳብ መዝጊያ አለ። መራራውን ውሃ የምናስወጣው በታችኛው ነው። የላይኞቹን ሳንቃዎች እኔ ከገባሁ ወዲህ ባሉት ሁለት ዓመታት ማንም ሲያነሣቸው አላየሁም።

ይህን ሁሉ ያስተማረኝ መምህር በየነ ነው። ሚሲዮን ቤት ፈረንሳይኛ የተማረ፣ ቀጭን፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነበር። በአስተርጓሚነት ተቀጥሮ ገባና መለኪያውን ከአንድ ፈረንጅ ተረከበ፤ ከዚያ ወዲያ በማምረቻው ውስጥ በር የሚከፈተውና የሚዘጋው በእሱ ቃል ሆነ። ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኛን አራት በር ጠባቂዎች በቆርቆሮው ዳስ ሥር ሰብስቦ ያስተምረን ነበር። ከአራታችን አንዱ አንድ ቀን መለኪያ ይሰጠዋል ተብሏል፤ ማምረቻው እየሰፋ ስለነበር ሁለተኛ ለኪ ያስፈልጋል። መለኪያ የያዘ ሰው በር አይከፍትም፤ ያስከፍታል። እኔ ያንን መለኪያ ፈለግኩት። ከዚያ በላይ ግን መለኪያውን መምህር በየነ በገዛ እጁ እንዲሰጠኝ ፈለግኩ።

የእሱን አለካክ ያየ ሰው አይረሳውም። ውሃ የሚቀዳው ከበሩ ጥግ አይደለም፤ ገንዳው መካከል እስከ ጉልበቱ ገብቶ፣ ቆርቆሮዋን ከላዩ ውሃ በታች አስጠልቆ ነው። የመጀመሪያውን ቅጂ አይለካበትም፤ ረጅሙን ብርጭቆ ያጥብበትና ይደፋዋል፤ አለዚያ የትናንቱ ውሃ ከዛሬው ጋር ይቀላቀላል ይላል። መለኪያውን በሁለት ጣት ይዞ ቀስ ብሎ ያስገባዋል፤ ጎን እንዳይነካ ያሽከረክረዋል፤ ከዚያ ቆቡን አውልቆ ይንበረከካል። ዓይኑን ከውሃው ልክ ጋር ካላስተካከለ ቁጥሩን አይናገርም። ማለዳ ያነበበውንና ቀትር ያነበበውን አያጋጭም፤ የሞቀ ውሃ ስለሚሳሳ መለኪያው ዝቅ ብሎ ይዋሻል፤ ስለዚህ ለሙቀቱ የሚጨመረውን ያሰላል።

ሌላ ልማድም ነበረው። ማንንም ሲያዝ በመጨረሻ «ምን አልኩህ?» ይላል። የታዘዘው ሰው ትእዛዙን በራሱ ቃል መልሶ ይናገራል። ልክ ከሆነ «ሂድ» ይባላል። ልክ ካልሆነ መምህሩ «እኔ አበላሽቼ ነው የተናገርኩት» ብሎ እንደገና ይጀምራል። አበላሽቶ ባይናገርም እንዲህ ይል ነበር።

እኔ ተወዳጁ ነበርኩ፤ እንዲያ ብዬ አምን ነበር። አንድ ጊዜ የተናገረውን አልረሳም። «ኃይሉ፣ ሦስተኛው ስንት ነበር ባለፈው ቅዳሜ?» ሲለኝ «አሥራ አንድ ከሩብ፣ መምህር» እላለሁ፤ ፈገግ ይላል። ሲያዘኝ «እሺ መምህር» ለማለት ከአፉ እነጥቀዋለሁ። ባደግኩበት ቤት ታላቅ ሲናገር «እሺ» ይባላል፤ «እንዴት?» ብሎ መመለስ ድፍረት ነው፤ «አልገባኝም» ማለት ደግሞ ድንቁርናን አደባባይ ማውጣት ነው።

ደስታ የመጣው በሁለተኛው ዓመት ነው። ከድሬዳዋ የመጣ፣ ጆሮው ትልልቅ፣ ሲናገር የሚንተባተብ ልጅ። የሱማሌ ሠራተኞቹ ሳይቀሩ «ዋርያ፣ ቃሉ እስኪወጣ ጨው ይረጋል» እያሉ ይስቁበታል። እኔም እስቃለሁ። ከእኔ ጋር የሚስተካከል ነገር አልነበረውም፤ ቁጥር እንኳ ገና እየተማረ ነበር።

አንድ ቀን መምህር በየነ ወደ አምስተኛው ገንዳ ላከው፤ «ውሃ አስገባበት፣ በቂ ሲሆን ዝጋው» አለው። ደስታ የሄደበት ቦታ በግድቡ ላይ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። አንድ ሰዓት ያህል ቆይተን ስናይ ላብ አጥምቆት ተመልሶ መጣ። በሩን አልከፈተም።

«ምነው?» አለው መምህሩ።

«መ… መምህር፣ በቂ ያሉኝ ስንት ነው? ሄድኩና በሩ ላይ ስቆም ነው አለማወቄን ያወቅኩት። ግድግዳው ላይ ያለው ቀዩ ምልክት ድረስ ይመስለኛል። ግን ትናንት ነፋስ ስለነበር ውሃው ወደ አንድ ጥግ ተገፍቷል፤ በየትኛው ጥግ ልየው?»

እኛ ሳቅን። እኔ ደግሞ ከሁሉ በላይ ሳቅኩ፤ «አንድ ሰዓት ሙሉ ተመላልሶ ቀይ ቀለም ሊጠይቅ!» አልኩ። መምህር በየነ አልሳቀም። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አነሣና እንደገና መልሶ ሰካው። ያ ቅዳሜ አልነበረም፤ ሆኖም ሥራ አስቁሞ ዳሱ ሥር አስቀመጠን። የተናገረው ረጅም አልነበረም፤ ዛሬም ከሞላ ጎደል በቃሉ አስታውሰዋለሁ።

«ስሙኝ ልጆች። እዚህ መካከል አንድ ደካማ ሰው አለ፤ እሱም እኔ ነኝ። ‹በቂ› ብዬ አዘዝኩ። ‹በቂ› ስንት ጣት ነው? አልተናገርኩም። ደስታ ያልገባው ስለሚያንሰው አይደለም፤ እኔ ያልተናገርኩትን ነገር ከየት ያምጣው? ያልተነገረውን ገባኝ የሚል ሰው የገባው የእኔ ሐሳብ ሳይሆን የራሱ ግምት ነው። ብርቱ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። ‹ይህ ገብቶኛል፣ ይህ አልገባኝም› ብሎ ለመለየት ጭንቅላት ያስፈልጋል፤ ይህን በሰው ፊት ለመናገር ደግሞ ልብ ያስፈልጋል። እናንተ የሳቃችሁት ሁለቱም ያለው ሰው ላይ ነው።

«አጠያየቁንም እዩ። ‹ምን ላድርግ?› ብሎ አልመጣም፤ እንዲያ ቢል ሥራውን መልሶ እኔ ላይ ጣለው ማለት ነበር። መጀመሪያ የገባውን ነገረኝ፤ ውሃ ማስገባት። ቀጥሎ ያልገባውን ለይቶ አሳየኝ፤ እስከ የት። ከዚያ የራሱን ግምት አቀረበ፤ ቀዩ ምልክት። በመጨረሻ ግምቱ የት ላይ እንደሚያሳስተው ነገረኝ፤ ነፋሱ። እኔ አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ። ደግሞም የጠየቀው በሩን ሳይከፍት ነው። ከከፈተ በኋላ የሚጠይቅ ሰው ይቅርታ ነው የሚጠይቀው። አንድ ሰዓት ተመላለሰ ትላላችሁ፤ ያ ውሃ እዚህ ለመድረስ ሁለት ወር ፈጅቷል።

«እሺ የሚለኝ ሰው ደስ ያሰኘኛል፤ ሰው ነኝና። የሚጠይቀኝን ግን አምነዋለሁ። ደስታ፣ ቀዩ ምልክት ድረስ፤ ነፋሱ ከመጣበት ጥግ ለካው። ምን አልኩህ?»

ደስታ እየተንተባተበ መልሶ ተናገረና ሄደ።

«እሺ የሚለኝ ሰው» ሲል ወደ እኔ አላየም። አለማየቱ ባሰብኝ። ያ ሁሉ ንግግር ለአራታችን መሆኑ እየታወቀ እኔ የሰማሁት ለደስታ የተሰጠ ምስጋና ነው። ሆዴ ውስጥ የገባው ነገር ቅናት መሆኑን ያኔውኑ አውቄዋለሁ፤ ሌላ ስም አልሰጠሁትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደስታ ምን ያህል ጊዜ እንደሚጠይቅ፣ መምህሩም ስንት ጊዜ ጎንበስ ብሎ እንደሚሰማው መቁጠር ያዝኩ። አንድ ማክሰኞ መለኪያውን አስይዞት አየሁ። አብረው ተንበርክከው ነበር፤ ራስ ለራስ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። እራቴን መብላት አልቻልኩም።

እኔም ልጠይቅ አልኩ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ካልጻፍኩት ቀጥሎ የመጣው አይገባም። አንድ ጠዋት መምህሩ አራተኛውን በር እንድዘጋ ሲያዘኝ ፊቴን አጨማድጄ «መምህር፣ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ፤ መዝጋት ሲሉ ሙሉ በሙሉ ነው ወይስ በከፊል?» አልኩት። አራተኛው በር ለዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ስዘጋው የኖርኩት ነው። መምህር በየነ ትንሽ አየኝና በለሰለሰ ድምፅ «ይህን ታውቀዋለህ፣ ኃይሉ» አለኝ። ሌላ አልጨመረም፤ አልተቆጣም፤ ሄደ። ቢሰድበኝ በወደድኩ። ያን ጠዋት ከእንግዲህ ለማንም ምንም አልጠይቅም ብዬ ማልኩ።

ዝናቡ የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ጅቡቲ ዝናብ ብርቅ ነው፤ ሲመጣ ግን ያልተከፈለ ዕዳ እንዳለበት ሁሉ አንድ ጊዜ ይወርዳል። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ማለዳ አባራ። ላይ ደጋው ላይም ዘንቦ ኖሮ የአምቡሊ ጎርፍ ሞልቶ መጥቷል፤ የዳርቻ ግድባችንን መብላት ጀምሯል። ሠራተኛ ሁሉ አካፋና ጆንያ እየያዘ ወደ ግድቡ ሮጠ። መምህር በየነም ሱሪውን ጠቅልሎ እየሮጠ ሳለ በሰባተኛው ገንዳ በኩል ሲያልፍ አየኝ።

«ኃይሉ! ነፋስ ሳይነሣ የሰባተኛውን ውሃ ልቀቅለት!»

«እሺ መምህር!»

«ምን አልኩህ?» ሳይል አለፈ። ባወቅኩት ዘመን ሁሉ ሳይል የቀረው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከኋላው ሰው ስሙን እየጠራ ይጮህ ነበር።

ሰባተኛው ገንዳ ከሁሉ የተሻለው ገንዳችን ነበር። ታቹ አራት ጣት የሚያህል ጨው ረግቶበታል፤ ከላዩ ያለው ውሃ ሃያ ሰባት ነበር፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ጨው ልናነሣበት ነበር። ሁለተኛው መለኪያም ለማን እንደሚሰጥ የሚነገረው ያኔ ነው። በሩ ላይ ቆምኩ። ያን ጊዜ አለማወቄን አወቅኩ። ዝናብ በጨው ገንዳ ላይ ሲወርድ አይቼ አላውቅም። የትኛውን ውሃ ነው የምለቀው? የዘነበውን ነው ወይስ ያለውን ሁሉ? ከላይ ወይስ ከታች? እስከ ምን ድረስ? ጥያቄዎቹ አንድ በአንድ መጡልኝ፤ ደስታ ቢሆን የሚላቸውን ሁሉ በሥነ ሥርዓት ልላቸው እችል ነበር። ግድቡ ሁለት መቶ እርምጃ ነው።

ቀና አልኩ። ደስታ ጭቃ ውስጥ ቆሞ አካፋውን ተደግፎ መምህሩን አንድ ነገር ይጠይቀዋል። በዚያ ጥድፊያ፣ በዚያ ጩኸት መካከል፣ መምህር በየነ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ሰጥቶታል። እጁንም ትከሻው ላይ አድርጎለታል።

ዞርኩና የታችኛውን እጀታ ያዝኩ። ውሃ መልቀቅ ባልን ቁጥር የምንስበው እሱን ነው፤ ይህን ለራሴ ነገርኩት። ስቤ ከፈትኩት።

አሁን ማንም ጀማሪ የሚያውቀውን ልናገር። የዝናብ ውሃ ቀላል ነው፤ በወፈረው ውሃ ላይ ይንሳፈፋል እንጂ ቶሎ አይቀላቀልም። ነፋስ ካላናወጠው ለብዙ ሰዓት ከላይ ተኝቶ ይቆያል። ስለዚህ የላይኞቹ ሳንቃዎች አንድ በአንድ ይነሣሉ፤ የዝናቡ ውሃ ብቻውን ተገፎ ይሄዳል፤ መለኪያው ወፍራም ውሃ ሲያገኝ ሳንቃው ይመለሳል። ገንዳው ምንም አይሆንም። እነዚያ ሳንቃዎች የተሠሩት ለዚያች ብርቅ ቀን ነው። እኔ ከታች ስከፍት የወጣው የወራት ድካም የሆነው ወፍራም ውሃ ነው፤ ቀላሉ የዝናብ ውሃ ቀስ ብሎ ወረደና ጨው ላይ ተኛ። ከዚያ ጨውን ይጠጣው ጀመር። ከሁለት ሰዓት በኋላ ነጩ መሬት ግራጫ ሆነ፤ ቀትር ላይ ጭቃው ታየ።

መምህር በየነ ከግድቡ ሲመለስ በሩ ላይ ቆመ። የታችኛውን መዝጊያ አየ፣ ያልተነኩትን ሳንቃዎች አየ። ቆቡን አወለቀ። «የትኛውን እንደሆነ አልነገርኩህም» አለ። ለእኔ ይሁን ለራሱ አላወቅኩም።

በማግስቱ ዲሬክተሩ ሁለታችንን አስጠራን። አጭር፣ ቀይ፣ ሲናደድ ድምፁ የሚቀንስ ፈረንሳዊ ነበር። እኔ ፈረንሳይኛ በቅጡ ስለማልችል የሚያስተረጉመው መምህር በየነ ራሱ ነው። መምህሩ በመጀመሪያ የራሱን ቃል ሰጠ፤ ትእዛዙን እንደሰጠ፣ ግልጽ እንዳላደረገው፣ መልሶ እንዳላስነገረኝም ተናገረ። እያንዳንዱን ለእኔም በአማርኛ ደገመልኝ፤ ያልሰማሁት ነገር እንዳይኖር ይመስለኛል። ከዚያ ዲሬክተሩ ወደ እኔ ዞረ።

«ትእዛዙ ገብቶህ ነበር ወይ? ነው የሚልህ» አለኝ መምህር በየነ።

«አልገባኝም ነበር፤ መጠየቅ እችል ነበር፤ አልጠየቅኩም» ብል ጥፋቱ ለሁለት ይከፈል ነበር። እሱ ቀድሞ ግማሹን ተሸክሞልኛል፤ የቀረኝ ግማሹን ማንሣት ብቻ ነው። ፊቱን አየሁ። የሚለምን ፊት አልነበረም። የምለውን ይጠብቃል፤ ልክ በር ላይ ቆመን ትእዛዝ መልሰን ስንነግረው እንደሚጠብቀው።

«ገብቶኝ ነበር» አልኩ። «ውሃውን ልቀቅ ተባልኩ፣ ለቀቅኩ።»

መምህር በየነ ይህን ወደ ፈረንሳይኛ መለሰው። ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ፤ ያን ያህል ቋንቋ እችላለሁ። በራሱ ላይ የተሰጠውን ምስክርነት አንድም ቃል ሳያለዝብ አስተላለፈው።

መለኪያውን ከእሱ ወሰዱበት። ጆንያ ሰፊዎቹ ዘንድ ተቆጣጣሪ አደረጉት፤ ለአንድ ወቅት እዚያ ሠራና ወደ ድሬዳዋ ሄደ። ከጥቂት ዓመት በኋላ እዚያው እንደሞተ ሰማን። ዲሬክተሩ በእሱ ቦታ ማን ይሁን ሲለው የተናገረው የደስታን ስም ነው። መምህሩ ድሬዳዋ እስኪሄድ ደስታ በየእሑዱ ጆንያ ቤቱ ጀርባ ያለው ክፍሉ ድረስ እየሄደ ይጠይቀው ነበር። ሲመለስ ካርቲየ በሚሉት ሰፈራችን መንገድ ላይ አገኘዋለሁ፤ አዲስ ነገር ተምሮ መምጣቱን ከአረማመዱ አውቃለሁ። እኔ አንድ ጊዜም አልሄድኩም። በመጀመሪያ አፈርኩ፤ በኋላ ደግሞ «የደስታ እንግዳ መሆን አልፈልግም» አልኩ። የሚገርመው፣ ባጠፋሁበት ሰው ላይ ሳይሆን ባልበደለኝ ሰው ላይ ነው ሳኮርፍ የኖርኩት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራዬ ብዙ የሚነገር የለውም። የባሕሩን በር ስድስት ዓመት ጠበቅሁ። ጨው በሚቆለልበት ሜዳ ላይ አለቃ ሆንኩ። ዲሬክተሮች ተለዋወጡ፤ አንዱ ጠጪ ነበር፣ አንዱ ደግ፣ አንዱ በየቀኑ ቀለም አስቀቢ። ደስታ የገንዳዎቹ ሁሉ ኃላፊ ሆነ። መንተባተቡ አልለቀቀውም፤ ነገር ግን ሲናገር ማንም አይስቅም። ለእኔም መለኪያ ያሰጠኝ እሱ ነው። «ከኃይሉ በላይ ቁጥር የሚያስታውስ የለም» ብሎ ለዲሬክተሩ እንደነገረልኝ ሌሎች ነገሩኝ። ደግነቱ አቃጠለኝ። ክፉ ሰው ቢሆን ምን ያህል በቀለለኝ! በደንብ ሠራሁ፤ ስለካ እንደ መምህሩ እንበረከካለሁ፣ የመጀመሪያውን ቅጂ እደፋለሁ፣ ሰው ሳዝ «ምን አልኩህ?» እላለሁ። ደስታም እንዲሁ ያደርጋል። አንዳንዴ ከሩቅ ሳየው ግን መምህሩን የሚመስለው እሱ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ልለቅ ሳምንት ሲቀረኝ ደስታ ዳሱ ሥር አዲስ ለተቀጠሩ ስድስት በር ጠባቂዎች አንድ ትምህርት እንድሰጥ ለመነኝ። «ስለ መጠየቅ ንገራቸው፣ ወንድሜ፤ አ… አንተ ከእኔ ይልቅ መምህሩን በቃልህ ታስታውሰዋለህ» አለኝ። እሱም ከሰዎቹ ኋላ ያለ ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

ነገርኳቸው። መምህሩ ያለውን ሁሉ አልኩ፤ የገባህን መጀመሪያ ተናገር፣ ያልገባህን ለይ፣ ግምትህን አቅርብ፣ በሩን ሳትከፍት ጠይቅ። ከዚያ ምሳሌ እንዲሆናቸው የሰባተኛውን ገንዳ ታሪክ «አንድ ሰው» እያልኩ ተረክሁላቸው። አንድ ሰው ነበረ፣ ዝናብ ዘነበ፣ አንድ ሰው ከታች ከፈተ። የምርመራውን ነገር ዘለልኩት። «ጥያቄ ያለው?» አልኩ።

ዓሊ የሚባል፣ ከወደብ የመጣ፣ ሽበት የጀመረው የመናዊ እጁን አነሣ። አማርኛውን ድሬዳዋ ነው የለመደው።

«ያ ኡስታዝ፣ ሁሉም ገብቶኛል» አለ። «ዝናቡ ከላይ፣ ጨዋማው ውሃ ከታች። ሰውዬው አለማወቁን አውቋል፤ ይህም ገብቶኛል። መምህሩ ሩቅ አይደለም፣ ሁለት መቶ እርምጃ ነው አልክ። መምህሩ የሚቆጣም ሰው አይደለም። እና አንድ ነገር አልገባኝም። ፈርቶ ነው እንዳልል የሚያስፈራ የለም። ወላሂ፣ ሰውዬው ለምንድን ነው ያልጠየቀው?»

በሃያ ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ የለም። ዲሬክተሩ «ገብቶህ ነበር ወይ?» ነው ያለው። መምህር በየነ እስከ ሄደበት ቀን ድረስ አልጠየቀኝም። ዓሊ ግን የገባውን አስቀድሞ፣ ያልገባውን ለይቶ፣ ግምቱን አቅርቦና ራሱ ጥሎት፣ እጁን እንዳነሣ ይጠብቃል። ሣጥኑ ላይ የተቀመጠው ደስታ ቀና ብሎ አየኝ።

«ቀንቼ ነው» አልኩ። «ሰውዬው እኔ ነኝ። መምህሬ እዚያ ለተቀመጠው ሰው ጆሮውን ሲሰጠው አይቼ ቀናሁ። በማግስቱም ገብቶኝ ነበር ብዬ ዋሸሁ፤ መምህሬን በውሸቴ ከሥራው አስወጣሁት።»

ዓሊ እጁን አወረደ፤ «አሁን ገባኝ» አለ፣ እንደ ማንኛውም የሥራ ነገር። ደስታ ከሣጥኑ ተነሣ። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። አፉን ከፈተ፤ ቃሉ እስኪወጣለት ሁላችንም ጠበቅነው።

«ያ… ያን ቀን ምን እየጠየቅኩት እንደነበር አላወቅክም?» አለ።

አላውቅም ነበር። አንድም ቀን አልጠየቅኩትም።

«‹ኃይሉ በገንዳ ላይ ዝናብ አይቶ አያውቅም፣ ሄጄ ላግዘው ወይ?› ነበር ያልኩት። መምህሩ ‹ኃይሉ ካልገባው ይጠይቃል› አለኝ።»